የማስተርስ ዲፌንስ ስላይድ (አግሮኖሚ)

የአግሮኖሚ የማስተርስ ዲፌንስ ስላይድ ተመራቂው የመስክ ሙከራውን ለውስጥና ለውጭ ፈታኞች የሚያስረዳበት የፓወርፖይንት ጽሑፍ ነው። ቅደም ተከተሉ በአመዛኙ የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፎች ይከተላል፦ መግቢያና ዓላማ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት፣ ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ። የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት ብዙ ጊዜ ከአንድ ስላይድ አይበልጥም።

ዘዴ

በመጠይቅ ላይ የተመሠረተ ጥናት ሲቀርብ ፈታኙ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ናሙናው አመራረጥ ሊሆን ይችላል። በአግሮኖሚ ግን ጥያቄው የሚነሳው ከማሳው ነው። ለምሳሌ በደብረ ዘይት መረሬ አፈር ላይ ቁንጮን ጨምሮ ሦስት የጤፍ ዝርያዎች በሄክታር 0፣ 23፣ 46 እና 69 ኪሎ ናይትሮጅን ተሰጥቷቸው ተፈተኑ እንበል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ መጠኖቹ ከ0፣ 50፣ 100 እና 150 ኪሎ ዩሪያ ጋር እኩል ናቸው። አሥራ ሁለቱ ጥምረቶች በሦስት ብሎክ ሲደገሙ 36 መደብ ይሆናሉ። የማሳው ንድፍ እዚህ ይገባል፤ የተዳፋቱ አቅጣጫም በቀስት ይጠቆም፤ ካልሆነ ብሎኮቹ ለምን እንደዚያ እንደተከፈሉ አይታወቅም።

ውጤትና የግራፍ አቀማመጥ

ብዙ ስላይዶች የሚበላሹት እዚህ ነው። የተለመደው የዝርያን አማካይ፣ ቀጥሎም የናይትሮጅንን አማካይ በየራሱ ባር ግራፍ ማሳየት ነው። የሁለቱ መስተጋብር በአኖቫ ትርጉም ያለው ሆኖ ከተገኘ ግን እነዚህ አማካዮች ያሳስታሉ፤ አንዱ ዝርያ በ46 ኪሎ ምርቱ ሲቆም ሌላው እስከ 69 ኪሎ ሊጨምር ይችላልና። ስለዚህ የመስተጋብሩ ግራፍ መጀመሪያ ይቀርባል፤ የተናጠል አማካዮቹ ከነጭርሱ ባይገቡም ይሻላል።

ናይትሮጅን መጠን ያለው ነገር በመሆኑ ለየዝርያው አንድ መስመር መሳል ከባር ይመረጣል። በነጥቦቹ ላይ የሚሰመረው ቋሚ መስመር ስታንዳርድ ኤረር ይሁን ኤልኤስዲ እዚያው ከግራፉ ሥር ይጻፋል። የጤፍ መጋሸብ ግራፍ ከምርቱ ግራፍ ጎን፣ በዚያው ስላይድ፣ በተመሳሳይ የናይትሮጅን ልኬት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ጤፍ ይጋሸባል፤ ምርት በ69 ኪሎ ከቀነሰ ፈታኙ ምክንያቱን ሌላ ገጽ ሳይጠብቅ ሊመዝነው ይችላል።

ሙሉው የአኖቫ ሠንጠረዥ ከምስጋናው ስላይድ በኋላ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል። በዚህ ምሳሌ የስህተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 22 ነው፤ ሌላ ቁጥር ከታየ ትንታኔው ከንድፉ ጋር አልተጣጣመም ማለት ነው።

ምክረ ሐሳብ

የማዳበሪያ ምክር ከፍተኛውን ምርት ብቻ ይዞ አይሰጥም። በሲሚት የ1988 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ መሠረት ለተጨማሪው ወጪ የሚገኘው ተጨማሪ ትርፍ በመቶኛ ይሰላል፤ በአገራችን ጥናቶች ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ልክ ብዙ ጊዜ 100 በመቶ ነው። የአንድ ቦታና የአንድ ወቅት ሙከራ ከሆነም ምክሩ ለዚያ አካባቢ ብቻ መሆኑ በዚሁ ስላይድ ላይ ይጻፋል።