ቃና፦ ባንክና ቆሎ ሻጭ በአንድ ካሩሰል

ካሩሰል በኢንስታግራም ወይም በፌስቡክ ገጽ ላይ በጣት እየተገፉ የሚታዩ፣ ግን እንደ አንድ መልእክት የተለጠፉ ምስሎች ናቸው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምረው እስከ 10 ምስል ይፈቅድ ነበር፤ በ2024 ወደ 20 ከፍ አደረገው። ስሙ ከልጆች መጫወቻ ሽክርክሪት የተወሰደ ነው። «ተንሸራታች ካርድ» ብንለው ነገሩን ይገልጻል፤ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ግን ካሩሰል ብለውት ስለለመዱ እኔም እንዲሁ እለዋለሁ። አማርኛ ፍቺ የሚያስፈልገው አብሮት የመጣው ሌላ ቃል ነው፦ «ብራንድ ቮይስ»። ብዙ ጊዜ «የብራንድ ድምፅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ግን ከሬዲዮ ማስታወቂያ ጋር ያምታታል። ለዛ የሚለው ቃል ይቀርባል፤ ሆኖም ለዛ መጣፈጥን ስለሚያመለክት ለባንክ አይሆንም፤ ባንክ ለዛ ቢስ ሆኖም በትክክል ሊናገር ይችላል። እኔ የምመርጠው «ቃና»ን ነው። ቃና የጠላም ነው፣ የዜማም ነው፤ ጣፋጭ ብቻ ሳይሆን ሻካራና ቀዝቃዛም ይሆናል። «ቃና ማስማማት» ስንል እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ያንኑ ካሩሰል ለባንክ ሲጽፍና ለቆሎ ሻጭ ሲጽፍ የሚለውጠውን ነገር ማለታችን ነው።

የሚለወጠው ምንድን ነው? ከውጭ የመጡት መመሪያዎች ቅጽሎችን ይዘረዝራሉ፦ ለባንክ ታማኝ፣ ረጋ ያለ፤ ለመክሰስ ሻጭ ተጫዋች፣ ቀልደኛ። በአማርኛ ግን ቃና የሚወሰነው ከቅጽሉ በፊት በግሡ ነው። እንግሊዝኛ «ክፈት» ለማለት አንድ ቃል ይበቃዋል። እኛ ግን ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ ከሚሉት አንዱን ሳንመርጥ አንባቢውን የሚያዝ አንድ ካርድ እንኳ መጻፍ አንችልም፤ በመረጥንም ጊዜ አንባቢው ወንድ ወይም ሴት፣ ታናሽ ወይም የተከበረ ነው ብለን ፈርደናል። ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው የሚወጡ ካሩሰሎች የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ካርድ «ሒሳብዎን ይክፈቱ» ይላል፣ ሦስተኛው «አሁኑኑ አውርድ»፣ አምስተኛው «ቤተሰብ ሁኑ»። ሦስት ሰው ተራ በተራ የጻፈው ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም እንዲያው ነው። ስሕተቱን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የየካርዱን ግሦች ብቻ ነቅሶ በቅደም ተከተል ማንበብ ነው።

በደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ባንክ ደንበኞቹን ከስልክ አጭበርባሪዎች ሊያስጠነቅቅ ፈለገ እንበል። ተጫዋች ቃና የለመደ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ካርድ «ገንዘብዎ ዛሬ ማታ ሊጠፋ ይችላል!» ብሎ መልሱን ወደ አራተኛው ያቆየዋል፤ አንባቢው እንዲገፋ። ግን ሁሉም አይገፋም። የመጀመሪያው ካርድ ብቻውን ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር ከቦረና እስከ ሳይንት የሚደርሰው ማስጠንቀቂያው ሳይሆን ድንጋጤው ነው። ስለዚህ ለባንክ መልሱ ይቀድማል። አንደኛው ካርድ፦ «ባንኩ የሚስጥር ቁጥርዎን በስልክ አይጠይቅም።» ሁለተኛው፦ «ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልዎም የሚስጥር ቁጥርዎን አይስጡ።» ሦስተኛው፦ «የሚስጥር ቁጥርዎን ሰጥተው ከሆነ ወዲያውኑ ለባንኩ የጥሪ ማዕከል ያሳውቁ።» አራተኛው፦ «የሚስጥር ቁጥርዎን ሰጥተው መደወል ካልቻሉ መታወቂያዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ቅርንጫፍ ይምጡ።» እያንዳንዱ ካርድ በአራት ነጥብ ተዘግቷል፤ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ቢነበብም እውነት ነው፤ ቃለ አጋኖ የለም።

«አይዞን» የት አለ? የሚል ይኖራል። ለዚያውም ወሎ «አብሽር» የሚባል ቃል ያለው አገር ነው፤ ለደንበኛ «አብሽሩ» ማለት ከዚህ ሁሉ ደረቅ ዐረፍተ ነገር አያጽናናም? ያጽናናል፤ ችግሩም ያ ነው። አብሽር የሚባለው ለደነገጠ ወይም ላዘነ ሰው ነው። ምንም ያልሰማ ደንበኛ ከባንኩ ገጽ ላይ «አብሽሩ» የሚል ካርድ ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ነው። የባንክ ማጽናኛ ከሚያባብል ቃል ሳይሆን ቁርጥ ካለ መረጃ ይመጣል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜ ባንኩ ለሕዝብ መመለስ የነበረበት ጥያቄ ሁለት ነበር፦ ተጠቅተናል ወይ? የእኔስ ገንዘብ አለ ወይ? ባንኩም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና የደንበኞች ሒሳብ እንዳልተነካ አስታወቀ። በእንዲህ ያለ ቀን ሥራ የሚሠሩት እነዚያ ሁለት አሉታዎች ናቸው፤ ቀልድ ቢጨመርባቸው ኖሮ ሁለቱንም ባጠፋቸው ነበር።

ቆሎ ሻጩ ዘንድ ሁሉም ይገለበጣል። ገብስ አብቃይ በሆነው በወሎ ደጋ ቆሎ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ መረጃው ጥቂት ነውና ካርዱ በመዝጋት ፋንታ ይከፍታል። አንደኛው፦ «አንድ እፍኝ ብቻ ብለን ነበር…» ሁለተኛው፦ «ይቺኛዋ አትቆጠርም…» ሦስተኛው፦ «ቡናው ገና ቶና ላይ ነው፤ ሰሃኑ ግን ባዶ።» አራተኛው፦ «የገብስ፣ የሽምብራና የሱፍ ቆሎ»፤ ቀጥሎ ዋጋው፣ ሚዛኑና አድራሻው። ግሡን እዩት፦ «ብለን ነበር»። ብዙ ጸሐፊ ተጫዋችነትን በአንተና በአንቺ ይፈልገዋል፤ ከዚያ ሴቷ «አንተ» ተብላ፣ ሽማግሌው ተደፍረው ይቀራሉ። «እኛ» ግን አንባቢውንም ሻጩንም አንድ ረከቦት ዙሪያ ያስቀምጣል፤ ጾታ አይጠይቅም፣ አክብሮትም አያጎድልም። (ትእምርተ ስላቅ የምትባለው የተገለበጠች ቃለ አጋኖም ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ በተመቸች ነበር፤ የሚያውቃት አንባቢ ጥቂት ሆነ እንጂ።)

ቀልዱም ድንበር አለው። አራተኛው ካርድ ላይ ዋጋው እንደ ባንክ ይጻፋል፤ «ከሻይ ብር ያነሰ» የሚል ዋጋ ገዢውን ለመጠየቅ ያስገድደዋል፣ ግማሹም አይጠይቅም። ዳቦ ቆሎ ከሆነ ደግሞ ቅቤ ይኑረው አይኑረው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ «የጾም ነው» የሚለው ቃል ማስታወቂያ ሳይሆን አደራ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በሆነበት በደቡብ ወሎ ረመዳን ላይ ቀን «አሁኑኑ ዝገኑ» ማለትም ያው ቀልዱ ከቦታው መውጣቱ ነው፤ ካርዱን ለማታ ማቆየት ይበቃል።

የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ የዛሬ የባንክ ደንበኛ ወጣት ነው፤ መካነ ሰላም ራሷ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተማ ናት፤ «እርስዎ» ለሃያ ዓመት ልጅ አይርቅም ወይ? ይርቃል። ስለዚህ ባንኩ ስለ ተማሪ ቁጠባ ሲጽፍ ወደ «እናንተ» ቢወርድ አልቃወምም፤ «ቆጥቡ» ጾታም አይለይ፣ አይንቅምም። ነገር ግን ያው ልጅ ገንዘቡ ከሒሳቡ የጠፋ የመሰለው ቀን የሚፈልገው ጓደኛ ሳይሆን የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ሰኔ ላይ «አንተ ጀግናው» ያለው ገጽ ሐምሌ ላይ «ክቡር ደንበኛችን» ቢለው የሚሸሽ ይመስለዋል። ቆሎ ሻጭ ሲሳሳት አንድ እፍኝ መርቆ ይታረቃል። ባንክ ምራቂ የለውም።