በቀኝ ያላችሁ፣ በግራ ያላችሁ፦ በይፋግ ሠርግ ላይ ስለሚደረግ የመክፈቻ ሰላምታ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ሦስት ደቂቃ እንኳ ስለማትሞላ ንግግር ነው። ሠርገኛው ደርሶ፣ ሕዝቡ በዳሱ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት አንድ እንግዳ ብድግ ይልና የሁለቱን ወገን ቤተሰቦች ሰላም ይላል። ሰው እጁን እየታጠበ ስለሚሰማት ብዙ ጊዜ ተረስታ ትቀራለች። እኔም ራሴ እንድናገር እስከ ተጠየቅሁበት ቀን ድረስ ልብ ብያት አላውቅም ነበር።

የተጠየቅሁት ይፋግ ላይ፣ በጥር ወር፣ በሙሽራዪቱ ቤት በተጣለው ዳስ ውስጥ ነው። ይፋግን የማታውቁ ብትኖሩ፣ በሊቦ ከምከም፣ ከአዲስ ዘመን ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ጥንታዊ የገበያ ሥፍራ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በደብረ ታቦር መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ የሚያርፍበት፣ አሞሌ የሚመነዘርበት፣ ኬላ ቆሞ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ስለ ነበረ፣ በዚያ ዘመን ያለፉ የውጭ መንገደኞች ገበያውን ደጋግመው አንሥተውታል። ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። እንዲህ ያለው ቦታ «የማንም ወገን ያልሆነ ሰው» የማይጠፋበት ቦታ ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለው ሰው ነው።

እንደ መምህር ልማዴ ንግግሩን በወረቀት አዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። የሙሽራውን አያት፣ ቅድመ አያት፣ የሙሽራዪቱንም እንዲሁ አስጠንቅቄ ጽፌ፣ ሁለቱንም ወገኖች በአባቶቻቸው ስም አወድሼ ልጀምር ነበር ያሰብሁት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወረቀቱን ሲያዩ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «መምህር፣ የሞተ ሰው ስም አትጥራ፤ በሠርግ የሚጠራ የተቀመጠው ነው» አሉኝ። ከዚያም ምን ምን ማለት እንዳለብኝ በጆሮዬ ነገሩኝ። የተናገርሁትም ይህንኑ ነበር፦

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! በቀኝ ያላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ! በግራ ያላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ! አባቶቻችን ካህናት፣ በቡራኬያችሁ ጀምረናል። አባቶቻችን ሽማግሌዎች፣ ቀድማችሁ ሄዳችሁ መንገዱን ጠርጋችሁልናልና እናመሰግናለን። እኔ የማንኛችሁም ዘመድ አይደለሁም፤ የሁለታችሁንም እንጀራ የበላሁ እንግዳ ነኝ። ልጅ አሳድጋችሁ የሰጣችሁ፣ ልጅ አሳድጋችሁ ያመጣችሁ፣ ዛሬ አንዳችሁ ለአንዳችሁ አማች ሆናችኋል። ያየነውን አይተናል፣ የሰማነውን ሰምተናል፤ ነገ የሚጠይቀን ቢኖር ‹ነበርን› እንላለን። ፈጣሪ የዛሬውን ደስታ ለልጅ ልጅ ያድርሰው። አሜን በሉኝ። የቀረው የባለቤቶቹ ነው።»

ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ እኔም ተቀመጥሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያዘጋጀሁት ለምን እንደማይሆን፣ የተነገረኝም ለምን እንደሚሆን ማሰብ ያዝሁ። ከዚህ በታች የምላችሁ የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው፤ በአንዳንዱ የማይስማማኝ ቢኖር ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ «ነበርን እንላለን» የሚለውን ቃል እንያዘው። በሰሜኑ ደጋ አብዛኛው ሕዝብ ለብዙ ዘመን የተጋባው በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነው። ቁርባን ስለማይፈርስ በአመዛኙ የካህናትና ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስቶች ሥርዓት ነበረ። ሰማንያ ግን ውል ነው። ሙሽራው በንጉሥ ስም ይምላል፤ ዋስ ይጠራል፤ ከሁለቱም ወገን የሚወጣው ከብትና ገንዘብ በሰው ፊት ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን በገጠሩ የሚጻፍ ነገር ብዙም አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ባልና ሚስቱ ቢጣሉ፣ ከብት ማን ስንት እንዳመጣ፣ ውሉም እንኩል ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ክርክር ቢነሣ፣ መዝገቡ በዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ትዝታ ነው። እንግዲህ የመክፈቻው ሰላምታ ጨዋነት ብቻ አይደለም። «በቀኝ ያላችሁ፣ በግራ ያላችሁ» ተብሎ ሲጠራና ሕዝቡ ሲመልስ፣ እያንዳንዱ ሰው መኖሩ በጆሮ ይታወቃል። ችሎት ሲከፈት ባለጉዳዮች እንደሚጠሩ ያለ ነገር ነው።

ይህ አሮጌ ታሪክ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሦስቱንም ተቀብሏል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ባልተገኘ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና በሰው ዘንድ ሲታወቁ መቆየታቸው በምስክር እንዲረጋገጥ ሕጉ ይፈቅዳል። ለዚህ ምስክርነት ከሚጠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ሠርግ የበሉ ናቸው።

ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ የአዛውንቱ ክልከላ ነው። የአባት ስም መጥራት ለምን ይከለከላል? እኔ ሁለት ምክንያት አገኘሁለት። አንደኛው ቀላል ነው። ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ቤት ያለ ዘመድ እንዳይጋባ ትከለክላለች። ሽማግሌዎች ይህን ዘር ቆጠራ የሚያደርጉት ከሠርጉ ብዙ ቀደም ብለው፣ በጸጥታ፣ በጥቂት ሰዎች መካከል ነው። በሠርጉ ዕለት አንድ እንግዳ በግራም በቀኝም የአያት ስም እየደረደረ ቢቀጥል፣ ድንገት በሁለቱም በኩል አንድ ስም ሊጠራ ይችላል። የተጠራው ስም ሌላ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ጥርጣሬው ማዕዱን ያበላሻል።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በበጌምድር ገበሬው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ አንድ አቅኚ አባት ዘሩን ቆጥሮ ነው። ሰው ሁሉ ከብዙ አቅኚዎች ስለሚወለድ፣ የይገባኛል ክርክር ማብቂያ አልነበረውም። በዚያ ዘመን የአንድን ቅድመ አያት ስም በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ከሙሽራው ጋር አያይዞ መጥራት ሙገሳ መስሎ ቢሰማም፣ ለሚያዳምጠው ወገን የመሬት ጥያቄ ነበር። «በልጄ ሠርግ ላይ የእገሌ ዘር ነው ተብሎ ሁሉም አሜን ብሏል» የሚል ምስክር ከዚያ ይወለዳል። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ንብረት ሲያደርገው የዚህ ክርክር ሥር ተነቀለ፤ ክልከላው ግን በአዛውንቱ አፍ ላይ ቀርቷል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ነውር ነው» ነበር መልሳቸው። ተማሪዎቼ፣ በመስክ ሥራ ላይ «ነውር ነው» የሚል መልስ ስታገኙ አትለፉት፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተቀበረ ሕግ አለ።

ወደ ቀኝና ግራው ልመለስ። ስም ካልተጠራ ሁለቱ ወገኖች በምን ይለያሉ? በተቀመጡበት ነው። ነገር ግን ቀኝ የክብር ጎን ስለሆነ ማን በቀኝ እንደ ተቀመጠ ያስተዋለ ሰው ይከፋ ይሆናል። አዛውንቱ ለዚህ ያስተማሩኝ ዘዴ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ «ቤቶች» ብዬ ሁሉንም ከጠራሁ በኋላ፣ ከመሃል ቆሜ፣ እጄን ለሁለቱም እኩል እንድዘረጋ ነበር። ከመሃል ለቆመ ሰው ቀኙ በአንደኛው ረድፍ ላሉት ግራቸው ነው። እንደ ቀልድ ነግረውኝ እንደ ሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ሲደረግ ግን ሠርቷል።

በዳሱ በአንድ ጥግ፣ ለብቻው በታረደላቸው ሥጋ የተስተናገዱ የሙስሊም ጎረቤቶችም ነበሩ። ይህ ለይፋግ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡራኬውን ካህናቱ በራሳቸው ሥርዓት አድርሰው ስለ ነበር፣ የእንግዳው ንግግር «ፈጣሪ» በሚል ቃል ተዘጋና አሜኑ ከዚያ ጥግም መጣ። «እግዚአብሔር» ብል ስሕተት ባልሆነ፤ ነገር ግን ምስክር የሚሆነው ሰው ሁሉ አሜን እንዲል የሚያደርገውን ቃል መምረጥ የተናጋሪው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የታወቀ የታሪክ ጉዳይ ላንሣ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ራስ ዓሊ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በሚገዙበት ጊዜ፣ ሸፍቶ ያስቸገራቸውን ካሣን በጋብቻ ለማሰር ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ከእኛ መንደር ዳስ ጋር አስተያዩት። በዳሱ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ይቀመጡና በመካከላቸው የማንም ያልሆነ ሰው ይቆማል። በዚያ ጋብቻ ግን ልጅ ሰጪውም፣ ሹመት ሰጪውም፣ የበላይ ዳኛውም አንድ ወገን ነበረ። ካሣ ውሉ ቢፈርስ የሚጠራው ሦስተኛ ሰው ከየት ያገኛል? ክርክሩ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በጦርነት ተቆረጠ፤ ራስ ዓሊ በአማቻቸው ተሸነፉ። የሚገርመው ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የታሰበው ዝምድና ሲበጠስ፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው አልተበጠሰም። ተዋበች ከባሏ ጋር ቆመች፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስም ታማኝ ሚስቱ ሆና ኖረች። ስለዚህ ጋብቻና አማችነት ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው እላለሁ። የመክፈቻው ሰላምታ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ንግግሬን መልሳችሁ ብታዩት ሙሽራውም ሙሽራዪቱም በአንድ ቃል አልተጠሩም።

ዛሬ በደብረ ታቦርም ሆነ በአዲስ ዘመን አዳራሽ ውስጥ ይህ ንግግር ወደ ድምፅ ማጉያ ገብቷል። ተናጋሪው በአብዛኛው ከአንዱ ወገን የተመረጠ ነው፤ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ የሙሽሮቹን ትምህርት፣ የሥራ መደብ፣ ከውጭ አገር የመጣውን ዘመድ ይዘረዝራል። ምስክርነቱን የቪዲዮ ካሜራው ተረክቦታልና መኖርን በቃል ማረጋገጥ አስፈላጊ አይመስልም። በአንድ ሠርግ ላይ ተናጋሪው የአንዱን ወገን ምሩቃን ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ሌላው ወገን ማጨብጨቡን ተወ፤ ከዚያም ከወዲያኛው ረድፍ አንድ ሰው ሳይጠራ ተነሥቶ የራሱን ወገን መቁጠር ጀመረ። ምግቡ በረደ። እኔም ያን ጊዜ ይፋግ ላይ ወረቀቴን እንዳጥፍ ያደረጉኝን አዛውንት አስታወስሁ።