የመዝሙር 23 ሁለት የአማርኛ ትርጉሞች

መዝሙር 23 በአማርኛ በሰፊው የሚነበበው በሁለት ትርጉሞች ነው። አንዱ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን ሌላው በ1993 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ልዩነቶች ጥቂት ቃላት ላይ የሚያርፉ ቢሆኑም ከየት እንደመጡ ሲፈተሽ ታማኝነት የሚለካበት ምንጭ ራሱ አንድ እንዳልሆነ ይታያል።

በሁለተኛው ቁጥር የ1954ቱ «ያሳድረኛል» ሲል አዲሱ «ያሳርፈኛል» ይላል። የዕብራይስጡ ግስ ከብት ወይም በግ ጉልበቱን አጥፎ መተኛቱን የሚገልጽ ነው። ግእዙ ግን የግሪኩን ሰባ ሊቃናት ተከትሎ «የኀድረኒ» ይላል፤ የ1954ቱ ቃል የዚህ ቀጥተኛ ወራሽ ነው። ችግሩ በአማርኛ «ማሳደር» ሌሊትን ማስገባቱ ነው። በዋጃና በቆቦ ቆላ ከብት ለሚጠብቅ ሰው መንጋው የሚያድረው በበረት ነው፤ በመስክ የሚያርፈው ቀትር ላይ፣ ጠግቦ ሲያመሰኳ ነው። መዝሙሩ የሚሥለው ይህን ሁለተኛውን ነው። እዚህ ላይ አዲሱ ለዕብራይስጡ ይበልጥ ይቀርባል፤ ይሁንና «ያሳርፈኛል» ለሰውም ለእንስሳም የሚሆን ቃል ስለሆነ የእረኛውን ሥዕል በጥቂቱ ያደበዝዘዋል።

በአራተኛው ቁጥር ያለው ልዩነት የበለጠ ገላጭ ነው። ዕብራይስጡ ሸለቆን ይጠራል፤ አዲሱም «ሸለቆ» ብሎ ያስቀምጠዋል። በ1954ቱ ሸለቆ የለም፤ በቦታው «መካከል» ይገኛል። ይህ የተርጓሚ መርሳት አይደለም። ግሪኩም «መካከል» ይላል፤ ግእዙም «ማእከለ» ይላል። ስለዚህ ቃሉን እንደ ግድፈት የሚቆጥር ሐያሲ ለዕብራይስጡ ይፈርዳል እንጂ ለትርጉሙ አይፈርድም፤ ዳዊትን በግእዝ ሲደግም የኖረ አንባቢ የጎደለ ነገር አይሰማውም። ለንባብ ደግሞ የ1954ቱ ይሻላል። አዲሱ ሞትን፣ ጥላንና ሸለቆን ያለ አያያዥ ስለደረደራቸው ጥላው የሞቱ ይሁን የሸለቆው ለአፍታ ያወላውላል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ትንፋሹ እዚያው ላይ ይሰናከላል።

ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች አዲሱ ለዕብራይስጡ፣ የ1954ቱ ደግሞ ለግእዙ ታምነዋል። «የሞት ጥላ» በሚለው ሐረግ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። የዕብራይስጡን ቃል ብዙ ሊቃውንት «ጥላ» እና «ሞት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጣመረ ሳይሆን ከግእዙ «ጽልመት» ጋር ከሚዛመድ ሥር የወጣና ድቅድቅ ጨለማ ማለት ነው ይላሉ። በዚህ ቦታ ከዕብራይስጡ ሊተረጉም የተነሣው አዲሱ ትርጉምም የግሪኩንና የግእዙን ንባብ አልተወም።