ከምቱ በፊት ያለው ርቀት፦ ስለ ልብ ብሎክና ስለ ፔስሜከር ታሪክ



ንግግሬን ከሳሪስ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሪስ አቦ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወድቀዋል፤ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎም መድኃኒት ይወስዱ ነበር። «አባባ፣ ከመውደቅዎ በፊት ምን ይሰማዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምንም አይሰማኝ ልጄ፤ ስነቃ መሬት ላይ ነኝ» አሉኝ። የእጃቸውን ትርታ ስቆጥር በደቂቃ 42 ነበር።

ዘገምተኛ ትርታና ድንገተኛ መውደቅ አብረው እንደሚሄዱ በደብሊን ከተማ ሮበርት አዳምስ በ1827፣ ዊልያም ስቶክስ ደግሞ በ1846 ጽፈው ነበር (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለቱም ያዩት መውደቁን እንጂ በልብ ውስጥ የሚሆነውን አልነበረም። ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሣው የኤሌክትሪክ መልእክት መጀመሪያ በአንዲት ቋጠሮ ያልፋል፤ ከዚያም ገመድ በመሰሉ ቀጫጭን መንገዶች ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ብሎክ የምንለው መልእክቱ በዚህ መንገድ ላይ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ነው።

በጣም የሚያስገርመኝ፣ ዋናው ልዩነት የታወቀው ያለ ኢሲጂ ወረቀት መሆኑ ነው። ሆላንዳዊው ቬንከባህ በ1899 የእጅ ትርታ በሚመዘግብ መሣሪያ ብቻ ተመርቶ፣ የልብ መልእክት ቀስ በቀስ እየዘገየ ሄዶ አንድ ምት እንደሚቀርና ዑደቱ እንደገና እንደሚጀምር አስረዳ። በ1906 የሊቨርፑሉ ጆን ሄይ ደግሞ የአንገትን የደም ሥር ትርታ መዝግቦ፣ ምንም መዘግየት ሳይቀድመው ምት ድንገት የሚቀርበት ሌላ ዓይነት እንዳለ አሳየ። ጀርመናዊው ሞቢትዝ በ1924 ሁለቱን በኢሲጂ ለይቶ አንደኛና ሁለተኛ ዓይነት ብሎ መደባቸው። ዛሬም በስሙ እንጠራቸዋለን።

በወረቀቱ ላይ ይህ እንዴት ይታያል? በተለመደው ፍጥነት አንዷ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ፣ አንዱ ትልቅ ካሬ 0.20 ሰከንድ ነው። የላይኛው ክፍል «ፒ» የተባለችውን ትንሽ ጉብታ ይጽፋል፤ የታችኛው ክፍል ደግሞ «ኪውአርኤስ» የተባለውን ሹል ምልክት። ከፒ መነሻ እስከ ሹሉ መነሻ ያለው ርቀት ከአንድ ትልቅ ካሬ በላይ ሆኖ አንድም ምት ካልቀረ አንደኛ ደረጃ ብሎክ ነው። በእኛ አገር ይህን በሩማቲክ ትኩሳት ሕፃናት ላይ እናየዋለን፤ ብዙውን ጊዜም ፔስሜከር አይጠይቅም። በሁለተኛ ደረጃ አንዳንድ ፒዎች ሹል ሳይከተላቸው ይቀራሉ። ርቀቱ 0.20፣ 0.28፣ 0.34 እያለ አድጎ ምት ከቀረ የቬንከባህ ዓይነት ነው፤ የደከመችው አብዛኛውን ጊዜ ቋጠሮዋ ስለሆነች፣ ሕመምተኛው ምልክት ከሌለው በመከታተል እናልፈዋለን። ርቀቱ ሳይለወጥ ምት ድንገት ከቀረ ግን ጉዳቱ ከቋጠሮዋ በታች ነው። የታችኛው ገመድ ወይ ያስተላልፋል ወይ አያስተላልፍም፤ እየደከመ አያስጠነቅቅም። በሦስተኛው ደረጃ ፒዎቹና ሹሎቹ ጨርሶ አይተዋወቁም፤ ላይኛው በደቂቃ 80፣ ታችኛው በራሱ 35 ሊመታ ይችላል። መንስኤው የሚመለስ ካልሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ ሕመምተኛው ባይወድቅም እንኳ ፔስሜከር ይጠይቃሉ።

የአዛውንቱ ወረቀት ግን ከእነዚህ አንዱንም በግልጽ አይመስልም ነበር። በየ18 ትንንሽ ካሬ ፒ አለ፣ በየ36ቱ ሹል፤ ማለትም ከሁለት ፒ አንዱ ብቻ ያልፋል። ተከታትለው ያለፉ ሁለት ፒዎች ስለሌሉ ርቀቱ ያድግ አያድግ እንደሆነ ማየት አይቻልም። ብዙ ሐኪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ቬንከባህ ነው» ብሎ ያሰናብታል። እኔ ሁለት ነገር ተመለከትሁ። አንደኛ፣ ሹሉ ከሦስት ትንንሽ ካሬ በላይ ሰፊ ነበር፤ ይህ ወደ ታችኛው ገመድ ይጠቁማል። ሁለተኛ፣ አብሬያቸው ሆኜ በኮሪደሩ ቀስ ብለው እንዲራመዱ አደረግሁ። ችግሩ የቋጠሮዋ ቢሆን ኖሮ እንቅስቃሴ ያሻሽለው ነበር። የአዛውንቱ ፒ ወደ 102 ሲወጣ ትርታቸው ወደ 34 ወረደ፤ አሁን የሚያልፈው ከሦስት አንዱ ብቻ ሆነ። ወዲያው አስቀመጥኋቸው።

ከውሳኔ በፊት የሚመለስ መንስኤ መፈለግ ግዴታ ነው። ዲጎክሲን ወይም የልብ ምት የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ አይወስዱም። የፖታሲየም መጠናቸውም ደህና ነበር።

በ1958 በስዊድን ካሮሊንስካ ሆስፒታል ሴኒንግ የተባለው ቀዶ ሐኪም ኤልምክቪስት የሠራውን የመጀመሪያ ተቀባሪ ፔስሜከር ለአርነ ላርሶን ሲተክል፣ መሣሪያው የሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ላርሶን ግን በየጊዜው እየተለወጠለት እስከ 2001 ኖረ። የሳሪሱ አዛውንት መሣሪያው እስኪገኝ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጠበቁ፤ በዚያ መካከል አንድ ሌሊት ልባቸው ለሰባት ሰከንድ ቆሞ ነበር። ከተተከለላቸው በኋላ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ቀስ በቀስ አቆምንላቸው። ባለፈው ቀጠሮ ባትሪው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝ።