ፖልያ በስድስተኛ ክፍል፦ የቃላት ፕሮብሌምን ከተሠራ ምሳሌ ስለ መጀመር

በሒሳብ መምህራን የዕለት ዕቅድ ላይ የቃላት ፕሮብሌም ሲደርስ አራት ደረጃዎች ይሰለፋሉ፤ ጥያቄውን መረዳት፣ የአሠራር ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ መልሱን ማረጋገጥ። ባለቤታቸው ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆርጅ ፖልያ ነው። ያሰፈራቸው በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደረጃዎቹ ትክክል አይደሉም የሚል ክርክር የለኝም። ክርክሬ በስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ በእነርሱ መጀመር የለበትም የሚል ነው።

በጉዳዩ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው። የሲንጋፖርን የሥዕል ዘዴና የአሻ ጂቴንድራን ጥናቶች የምከራከርበት ነገር ስለሌለኝ አልፋቸዋለሁ። ፖልያን ግን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም።

የፖልያ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ክፍሉ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሲነጋገር ያሳያል። ጥያቄው ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው የታወቀ ሬክታንግላዊ ሳጥን ዲያጎናሉ ስንት ነው የሚል ነው። መምህሩ እየጠየቀ ይመራቸዋል፣ ተማሪዎቹም በመጨረሻ ይደርሱበታል። ጭውውቱ ውብ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ የፓይታጎረስን ቴዎረም አስቀድመው እንደሚያውቁ ፖልያ ራሱ ይነግረናል። መምህሩ ደጋግሞ የሚያነሣው ጥያቄም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ፕሮብሌም ታውቃላችሁ ወይ የሚል ነው። እንግዲህ የሁለተኛው ደረጃ ሞተር ቀደም ሲል የተሠሩ ጥያቄዎች ትውስታ ነው። የሚያስታውሰው የተሠራ ጥያቄ የሌለው የ12 ዓመት ልጅ «ዕቅድ አውጣ» ሲባል ምን ያድርግ? ብዙውን ጊዜ ቁጥሮቹን ይለቅምና «ያንሳል» ካየ ይቀንሳል፣ «ይበልጣል» ካየ ይደምራል። አለን ሾንፌልድም በ1985 መጽሐፉ የፖልያ ምክሮች እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ብዙ ያልተነገሩ ንዑስ ስልቶችን የያዙ ስያሜዎች መሆናቸውን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ሌላ ምንጭ አለ። በዚያው በ1985 ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር በአልጀብራ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። አንዱ ቡድን ሁሉንም ጥያቄ ራሱ ሠራ። ሌላው እስከ መልሱ የተሠራ ምሳሌ እያጠና ወዲያው ተመሳሳይ ጥያቄ ሠራ። በተመሳሳይ ጥያቄዎች ፈተና ላይ ምሳሌ ያጠናው ቡድን ፈጥኖም ሠራ፣ ስህተቱም አነሰ። መልክ በቀየሩ ጥያቄዎች ላይ ግን ብልጫው አልታየም። ስዌለር ለውጤቱ የሰጠው ምክንያት ጀማሪ ግቡን ለማግኘት ሲባዝን የአእምሮው የሥራ ቦታ ስለሚሞላ ከሥራው የሚማርበት አይተርፈውም የሚል ነው።

ጉዳዩን ወደ ደቡብ አቸፈር፣ ወደ ዱርቤቴ እናምጣው። ሒሳብ በአማርኛ ይሰጣል፤ ልጆቹም በቆሎና በርበሬ ሲሸጥ እያዩ ያድጋሉ። የምመርጠው ጥያቄ ይህ ነው፦

«አንድ ገበሬ 12 ኩንታል በቆሎ አመረተ። ይህም ከጎረቤቱ ምርት በ3 ኩንታል ያንሳል። ሁለቱ በድምሩ ስንት ኩንታል አመረቱ?»

ሌዊስና ሜየር በ1987 እንዳሳዩት ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት የንጽጽሩ ቃል ከሚያስፈልገው ስሌት ጋር ሲጋጭ ነው። እዚህም «ያንሳል» ተብሎ መደመር ያስፈልጋል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አምስት እርምጃ ይሠራል። መጀመሪያ ቁጥሮቹን ትቶ ታሪኩን ብቻ ይናገራል፦ ገበሬው ከጎረቤቱ ያነሰ አመረተ። ቀጥሎ ሁለት አግድም ዘንጎች ይሥላል፤ አጭሩን «ገበሬው»፣ ረጅሙን «ጎረቤቱ» ይላል። ከዚያ 12ን በአጭሩ ዘንግ፣ 3ን በልዩነቱ፣ የጥያቄ ምልክቱን በሚፈለገው ላይ ያሰፍራል፤ እዚህ የሚፈለገው የሁለቱ ድምር ስለሆነ ምልክቱ ሁለቱንም ያቅፋል። አሁን ያሰላል፦ 12 + 3 = 15፣ 12 + 15 = 27። በመጨረሻም መልሱን ወደ ታሪኩ ይመልሳል፦ 12 ከ15 በ3 ያንሳል፣ ድምሩም 27 ኩንታል ነው።

እነዚህ እርምጃዎች ከፖልያ የሚለዩት ደብተር ላይ ምልክት ስለሚተዉ ነው። ልጁ «ተረድቷል» ወይስ አልተረዳም የሚለው አይታይም። የትኛውን ዘንግ እንዳስረዘመ ግን ከዴስኩ አጠገብ ቆሞ ማየት ይቻላል። የተሳሳቱ መልሶችም ይናገራሉ። 21 የጻፈ ልጅ «ያንሳል»ን አይቶ ጎረቤቱን 9 አድርጎታል። 15 የጻፈው በትክክል አስቦ መንገድ ላይ ቆሟል። 9 የጻፈው ሁለቱንም ስህተት ሠርቷል። ለሦስቱ አንድ ዓይነት እርማት መስጠት ጊዜ ማባከን ነው፤ 15 ያለውን ልጅ የጥያቄ ምልክቱን የት እንዳሰፈረ መጠየቅ ይበቃል።

የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የሚሄደው በማደብዘዝ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌ ሙሉ ነው፤ መምህሩ እየሠራ «ለምን ደመርን?» ይላል፣ ልጆቹም እስክሪብቶ ሳይዙ ያያሉ። ሁለተኛው ምሳሌ የመጨረሻ እርምጃው ባዶ ነው፣ ሦስተኛው ስሌቱም ባዶ ነው፣ አራተኛውን ልጁ ብቻውን ይሠራዋል። ከመጨረሻው ጀምሮ መቀነስን አሌክሳንደር ሬንክልና ባልደረቦቹ ፈትነውታል። ሰሌዳው ላይ ጥያቄው በአንድ ጥግ፣ ሥዕሉ በሌላው፣ ስሌቱ በሦስተኛው ከተበተነ ግን የምሳሌው ጥቅም ይጠፋል። ታርሚዚና ስዌለር በ1988 በጂኦሜትሪ ላይ ይህንኑ አሳይተዋል። ቁጥሮቹ ዘንጎቹ ላይ ይጻፉ።

ልጆቹ ምሳሌውን ይገለብጣሉ የሚለው ተቃውሞ የተለመደ ነው። አራቱም ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አዎ፣ ይገለብጣሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ምሳሌ «ጎረቤቱ ከገበሬው በ3 ኩንታል ያንሳል» ይበል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ መልሱ ግን 12 + 9 = 21 ይሆናል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ልጅ በቃሉ ብቻ መሄድ እንደማያዋጣ ሳይነገረው ይገባዋል። ልጁ ራሱ ካላገኘው አይማርም የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከላይ ባነሣሁት የፖልያ ጭውውት ተመልሷል፤ እነዚያም ተማሪዎች ቴዎረሙን አልፈለሰፉትም።

በርግጥ ዘዴው ወሰን አለው። ስላቫ ካልዩጋና ባልደረቦቹ በ2003 እንዳስረዱት ለጀማሪ የሚጠቅም ምሳሌ ለበረታው ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በሦስተኛው ምሳሌ ላይ ዘንጎቹን ሳያይ ትክክለኛውን መልስ የሚል ልጅ ካለ ወደ ሌላ ጥያቄ ይለፍ። ለእርሱ የማዘጋጀው ይህን ነው፦

«የበርበሬ ዋጋ በ20 በመቶ ጨምሮ ኪሎው 360 ብር ሆነ። ቀድሞ ስንት ነበር?»

ታሪኩ ሌላ ይምሰል እንጂ አጽሙ ያው ነው፤ መነሻው አይታወቅም፣ «ጨምሮ» ተብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የድሮው ዋጋ አምስት እኩል ክፍል ያለው ዘንግ ይሁን፤ 20 በመቶ አንድ ክፍል ስለሆነ የአሁኑ ስድስት ክፍል ነው። 360 ÷ 6 = 60፣ 60 × 5 = 300 ብር። ከ360 ላይ 20 በመቶ ቀንሶ 288 የጻፈ ልጅ አምስተኛውን እርምጃ ይሥራ። የ288 ሃያ በመቶ 57.60 ነው፤ ሲደመር 345.60 ብር እንጂ 360 አይሆንም። ይህ ጥያቄ ለሁሉም ልጅ በዚያው ቀን አይቀርብም። በዕቅዱ የግምገማ ዓምድ ውስጥ «ተማሪዎች ተረድተዋል» ከማለት ይልቅ 21፣ 15 እና 9 ያሉ ልጆች ስንት ስንት እንደሆኑ ተጽፎ ሲገኝ የማግስቱ ክፍለ ጊዜ ከበርበሬው ይጀምር ወይስ ወደ በቆሎው ይመለስ የሚለው ከዚያ ይወሰናል።