የመድኃኒት ጥቅም በመቶኛ ሲገለጽ፦ አንጻራዊና ፍጹማዊ የስጋት ቅነሳ

አንድ መድኃኒት «ሀርት አታክን በ36 በመቶ ይቀንሳል» ተብሎ ሲነገር፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ከሚወስዱ 100 ሰዎች 36ቱ ከሕመሙ ይተርፋሉ ብሎ ይረዳል። አኃዙ ግን ይህን አይልም።

ይህ ቁጥር የተገኘው «አስኮት» ከተባለው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከታተመው ጥናት ነው። በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በኖርዲክ አገሮች የተካሄደው ይህ ጥናት የደም ግፊት ያለባቸውንና ቢያንስ ሦስት ሌሎች ለልብ ሕመም የሚያጋልጡ ሁኔታዎች የተገኙባቸውን 10,305 ሰዎች አካትቷል። ግማሽ ያህሉ የኮሌስትሮል መጠን የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን፣ የቀሩት ደግሞ ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለበት፣ በመልክ ተመሳሳይ የሆነ እንክብል ወሰዱ። ከ3 ዓመት ጥቂት በለጠ ክትትል በኋላ፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት 3 በመቶ፣ ከወሰዱት ደግሞ 1.9 በመቶ የሚሆኑት ሀርት አታክ ደርሶባቸዋል ወይም በልብ ደም ሥር ሕመም ሞተዋል።

ከዚህ ውጤት ሁለት ስሌቶች ይወጣሉ። 3 በመቶ ወደ 1.9 በመቶ ሲወርድ ከነበረው ስጋት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይቀንሳል፤ 36 በመቶ የተባለው ይህ ሲሆን አንጻራዊ የስጋት ቅነሳ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም 1.1 በመቶ፣ ደግሞ ፍጹማዊ የስጋት ቅነሳ ነው። በሰው ቁጥር ሲታሰብ፣ ከ1,000 ሰዎች ያለ መድኃኒቱ 30 ያህሉ የሚታመሙ ከሆነ፣ በመድኃኒቱ ቁጥሩ ወደ 19 ይወርዳል። 11 ሰዎች ይጠቀማሉ፤ 970ዎቹ መድኃኒቱን ባይወስዱም በዚያ ጊዜ ውስጥ አይታመሙም ነበር። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሰው እንዲተርፍ 91 ያህል ሰዎች ከ3 ዓመት በላይ መድኃኒቱን መውሰድ ይኖርባቸዋል።

ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው። ሆኖም የጋዜጣ ርእስም ሆነ ማስታወቂያ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፤ መነሻው 3 በመቶ መሆኑን አብሮ ካልገለጸ አንባቢው ጥቅሙን አጋንኖ ይገምታል። ጥቅሙ በአንጻራዊ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በፍጹማዊ አኃዝ የቀረበበት ጽሑፍ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ እንዲህ ያለው አቀራረብ ጥቅሙን ከፍ፣ ጉዳቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

አንጻራዊው ቅነሳ ለሁሉም እኩል ነው ተብሎ ቢወሰድ እንኳ የሚገኘው ጥቅም እንደ ታካሚው መነሻ ስጋት ይለያያል። ስጋቱ ከ100 ሰዎች 20 ለሆነበት ሰው፣ ለምሳሌ ቀደም ሲል ሀርት አታክ ለደረሰበት፣ የ36 በመቶ ቅነሳ ከ100 ሰዎች 7 ያህሉን ያተርፋል። ስጋቱ ከ1,000 ሰዎች 3 ብቻ ለሆነበት ወጣት ግን ከ1,000 አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በዜና ባነበበው አኃዝ ብቻ ተነሥቶ መጀመርም ሆነ ማቋረጥ የለበትም። ሐኪሙን ወይም የመድኃኒት ባለሙያውን «እንደ እኔ ካሉ 100 ሰዎች ያለ መድኃኒቱ ስንቱ ይታመማሉ? ከወሰዱትስ? በስንት ዓመት ውስጥ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።