የተሽከርካሪ መንሸራተት

ተሽከርካሪ የሚንሸራተተው ጎማው መንገዱን መያዝ ሲያቅተው ነው። ጎማና አስፋልት የሚፈጥሩት ሰበቃ ወሰን አለው፤ መታጠፍም መቆምም ከዚያው ከአንዱ ኃይል ይካፈላሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ ፍሬን በኃይል የረገጠ አሽከርካሪ ለመታጠፊያ የሚሆን ኃይል አያስተርፍም። ዝናብ ደግሞ ወሰኑን ያጠብበዋል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 18 ሜትር፣ በእርጥብ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል።

የኋላው ጎን ወደ ቀኝ ከሸሸ እግርን ከፍሬንም ከነዳጅም አንስቶ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ይገባል፤ ዓይን መሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ይመልከት። መኪናው መመለስ እንደጀመረ መሪው ወዲያው ካልተቃና ወደ ግራ የባሰ መንሸራተት ይከተላል። ብዙዎች የሚገለበጡት በዚህ በሁለተኛው ነው።

ቦሽ ሠርቶት በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ የተገጠመው ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ የየጎማውን ፍጥነት ይከታተላል። አንዱ ሊቆለፍ ሲል የፍሬኑን ግፊት በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያላላ መልሶ ያጠብቃል፤ ጎማው መሽከርከሩን ስለማያቆም መሪው ይታዘዛል። ያኔ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፤ ብልሽት ስላልሆነ እግርን ሳያነሱ አጥብቆ መርገጥ ነው። ሆኖም ልል ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ስለሚከምር፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ለመቆም የበለጠ ርቀት ሊፈልግ ይችላል።